በፎቶ የተላከን የፍርድ ቤት መጥሪያ እንዴት መተርጎም ይቻላል?

በዘጌ የቡና መሬት ላይ የውርስ ክርክር ተነሥቶ፣ ባሕር ዳር የሚኖሩ አክስት፣ ውጭ አገር ላደገችውና አማርኛ ለማታነበው የእኅታቸው ልጅ መጥሪያውን በስልክ አንሥተው ላኩ እንበል። ለተርጓሚ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ የፊተኛው ገጽ ብቻ ስለሆነ፣ አስቀድሞ ጀርባውን፣ አባሪ የሆነውን የክስ አቤቱታና የማስረጃ ዝርዝሩን አራቱም ጠርዝ እየታየ እንዲያነሡ ይጠይቋቸው። ማኅተም የሸፈነው ቁጥር «አይነበብም» ተብሎ ይጻፋል እንጂ በግምት አይሞላም።

ቀጥሎ ወደ ቀኖቹ ይሂዱ። መጥሪያው መልስ እስከ 22/04/2017 እንዲቀርብ፣ ክርክሩም በ06/05/2017 ከጠዋቱ 3፡00 እንዲሰማ ይላል እንበል። ቁጥሮቹ እንዳሉ ከተሻገሩ ልጅቷ ሁለተኛውን ቀን በሜይ ወይም በጁን 2017 የዋለ፣ ዓመታት ያለፉት ቀጠሮ አድርጋ ታነበዋለች። ትክክለኛው ትርጉም ታኅሣሥ 22 ቀን ዲሴምበር 31 ቀን 2024፣ ጥር 6 ቀን ደግሞ ጃንዋሪ 14 ቀን 2025 ሲሆን፣ ሰዓቱም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጠዋት 3፡00፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በዚያው በባሕር ዳር ጠዋት 9፡00 ነው። ሁለቱም ማክሰኞ ይውላሉ፤ የቀየሩት ቀን እሑድ ላይ ከወደቀ ስሌቱን እንደገና ይሥሩ። ዋናውን ቀን ከትርጉሙ ጎን መተውም ስሕተትን ለማግኘት ይረዳል። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የክርክሩን ቀን ነው፤ መልስ የሚቀርብበት ቀን ግን ቀድሞ ያልፋል።

ከቃላቱ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው «ተከሳሽ» ነው። አማርኛው ለፍትሐ ብሔርም ለወንጀልም አንድ ቃል ስለሚጠቀም፣ ራስጌውን ሳያዩ በወንጀል የተከሰሰ ሰው በሚጠራበት «አኪዩዝድ» ከተረጎሙት፣ መሬት የተጠየቀችውን ልጅ ያለ ምክንያት ያስደነግጣታል፤ እዚህ ትክክለኛው «ዲፌንዳንት» ነው። «መልስ»ም ተራ የደብዳቤ ምላሽ ሳይሆን ለመዝገቡ በጽሑፍ የሚቀርብ መከላከያ መሆኑ መገለጽ አለበት።

ተርጓሚው እዚህ ላይ መቆም አለበት። የይርጋና የግዛት ሥልጣን መቃወሚያዎች በመጀመሪያው መልስ ካልተነሡ እንደተተዉ ስለሚቆጠሩ፣ ርስትን የሚመለከት ክስ ጠበቃ ሳያየው ባይመለስ ይሻላል። የወንጀል ክስ ወይም የዕግድ ትእዛዝ ከተያያዘም እንዲሁ ነው። ወረቀቱ መጥሪያ ሳይሆን «በሌለችበት» የተሰጠ ውሳኔ ሆኖ ከተገኘ፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 78 መሠረት ማስነሻ አቤቱታው ውሳኔው መኖሩ በታወቀ በአንድ ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ስለዚህ አክስት መጥሪያውን መቼ እንደተቀበሉ፣ ማን እንደፈረመበት፣ ፎቶውንም በየትኛው ቀን እንደላኩ ወዲያው ጽፈው ይያዙ። ልጅቷ በጠበቃ ለመወከል ውክልናውን ባለችበት አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ አስፈጽማ መላክ ስላለባት፣ ይህ የሚወስደው ጊዜ ከታኅሣሥ 22 ወደ ኋላ መቆጠር አለበት።