ታፔላ ማደስ ወይስ ስም መቀየር? ከመወሰንዎ በፊት እንዴት እንደሚለዩ

ደሴ ውስጥ ታፔላ እየሠራሁ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ወደ ሱቄ የሚገባ ነጋዴ ሁሉ «አዲስ ነገር አድርግልኝ» ይላል። አዲስ ነገር ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ስሙን ሳይነኩ ቀለሙን፣ ፊደሉንና ዓርማውን ማደስ ነው። ሌላው ስሙንም ዓርማውንም ጥሎ ንግዱን እንደገና ማስተዋወቅ ነው።

1. ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «ሰለቸኝ» ምክንያት አይደለም። ታፔላውን በየቀኑ የሚያዩት እርስዎ ነዎት፤ ደንበኛው ቀና ብሎ የሚያየው አልፎ አልፎ ነው። የጻፉት ስለ መልኩ ብቻ ከሆነ ማደስ ይበቃል። ስለ ባለቤትነት፣ ስለሚሸጡት ነገር ወይም ስለ ገዢው ከሆነ ይቀጥሉ።

2. ሰው ምኑን እንደሚያስታውስ ይፈትሹ። ይህን ደረጃ ዘልዬ ከስሬበታለሁ። አንድ ዳቦ ቤት አረንጓዴ ታፔላ ነበረው፤ ጥግ ላይ የስንዴ ዛላ ተሥሎበታል። ፀሐይና ጢስ አደብዝዘውታል። ባለቤቱን አግባብቼ አዲስ ስም አወጣንለትና ቡናማ አደረግነው። አምሮ ነበር፤ አሁንም አምሮ ነበር እላለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ደንበኞች «እማማ ሸጠው ሄዱ እንዴ?» እያሉ መጠየቅ ጀመሩ። ለካስ ሰፈሩ የተጻፈውን ስም አንብቦት አያውቅም፤ «አረንጓዴው ዳቦ ቤት» ነበር የሚለው። የጠዋቱ ሰልፍ እየሳሳ ሄደ። በሦስተኛው ወር በራሴ ወጪ ወደ አረንጓዴው መለስኩት፤ ፊደሉን አጥርቼ፣ ስንዴውን በጥቂት መስመር ብቻ ሥዬ። መጀመሪያም የሚያስፈልገው ይኸው ነበር።

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። ከሱቁ ርቄ አሥር ቋሚ ደንበኞችንና አሥር የሰፈር ሰዎችን እስክሪብቶና ወረቀት ሰጥቼ ታፔላውን ከትውስታ እንዲሥሉት እጠይቃለሁ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያስታወሱት ነገር፣ ቀለምም ይሁን ሥዕል፣ አይነካም። ቀጥሎ ራቅ ካለ ሰፈር፣ ለምሳሌ ከቧንቧ ውሃ፣ ባጃጅ ይዤ ስሙን ብቻ እናገራለሁ። ሦስት ሹፌሮች ሳይጠይቁ በሩ ላይ ካደረሱኝ ያ ስም ሀብት ነው፤ ማንም አያስጥለኝም።

3. መልኩ ካረጀ ያድሱ። ለዚህ ስም መቀየር አያስፈልግም። ከመንገዱ ማዶ ሆነው ያንብቡት፤ ከዚያም ፎቶ አንሥተው በስልክዎ ላይ የጥፍር ያህል ያሳንሱት። የማይነበበው አብዛኛውን ጊዜ ጥላ የበዛበት ፊደል ነው።

4. ገዢው ከተለወጠ መዝገብ ይቁጠሩ። ኮምቦልቻ የሚገኝ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ስሙ ራሱ ለከባድ መኪና ሹፌሮች መሆኑን ይናገር ነበር። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተከፈተ በኋላ የአንድ ወር የእንግዳ መዝገብ ስንቆጥር ከ60 እንግዶች 45ቱ ለፋብሪካ ሥራ የመጡ ሆነው አገኘናቸው። እነሱም ቢሆኑ የገቡት ሰው ጠቁሟቸው እንጂ ታፔላው ስቧቸው አይደለም። ስለዚህ ስሙ ተቀየረ፤ ለስድስት ወር ከሥሩ «የቀድሞው» ብለን አሮጌውን በትንሹ ጻፍን። ስሙ የወንዝ ወይም የተራራ ቢሆን ኖሮ ማንንም ስለማያገልል ቀለም ብቻ አድሰን እንተወው ነበር።

5. ሁለት ንግዶች ከተዋሃዱ። መዋሃድ ሁልጊዜ አዲስ ስም አይጠይቅም። በ2008 ዓ.ም. ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ሲዋሃድ የትንሹ ስም ቀረ፤ ትልቁ በስሙ ቀጠለ። አዲስ ስም የሚያስፈልገው ሁለቱ እኩል የታወቁ ሆነው አንዱ በሌላው ስም መሥራቱ ደንበኛ የሚያሸሽ ሲሆን ነው። ሁለቱን ስሞች መስፋት ግን አልመክርም፤ ሕዝቡ ግማሹን ቆርጦ ይጥለዋል፣ የተቆረጠበትም ወገን ያኮርፋል።

6. ስሙን የያዘውን ሁሉ ይዘርዝሩ። ንግድ ፈቃድ፣ ማህተም፣ ደረሰኝ፣ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን፣ የባንክ ሒሳብ። ስም ከቀየሩ እነዚህ ሁሉ ይነካሉ፤ ቀለም ካደሱ አንዱም አይነካም። ዓርማዎ በንግድ ምልክትነት ተመዝግቦ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ጥበቃው ለ7 ዓመት ነው፣ ይታደሳልም። ጥበቃው ግን ለተመዘገበው ቅርጽ ነው፤ የመልክ ዕድሳቱ ያንን ቅርጽ የሚለውጥ ከሆነ አዲስ ማመልከቻ ያስፈልጋል።

ታፔላ የሚታዘዘው ስሙ በንግድ ጽሕፈት ቤት ከጸደቀ በኋላ ነው። ሱቄ ጀርባ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ባለ ሦስት ሜትር ታፔላ አለ። ስሙ ቀድሞ በሌላ ሰው ተይዞ ስለተገኘ አልተፈቀደም፤ አሁን ሠራተኞቼ ቀለም ይሞክሩበታል።