የፔጅራንክ ስሌት ሲያፈነግጥ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ የቀመሩት፣ የድረ ገጾችን ክብደት በሊንክ የሚለካው ፔጅራንክ መነሻ ሐሳቡ አጭር ነው። አንድ ገጽ ወደ ሌላው ሊንክ ሲሰጥ ድምፁን ይሰጠዋል፤ የድምፁ ክብደት ግን ሰጪው ራሱ ባገኘው ድምፅ ይለካል። እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ የሆነው ቀመር ዛሬ በብዛት የሚጻፈው እንዲህ ነው፦

```
PR(p) = (1 - d)/N + d * Σ PR(q)/L(q)
```

`PR(p)` የገጹ ነጥብ፣ `N` የገጾች ብዛት፣ `q` ለ`p` ሊንክ የሰጠ ገጽ፣ `L(q)` ከ`q` የሚወጡ ሊንኮች ብዛት ነው። `d` በሊንክ የሚተላለፈው የነጥብ ድርሻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 0.85 ይሆናል። ስሌቱ በእኩል ነጥብ ይጀመርና ቁጥሮቹ መለዋወጥ እስኪያቆሙ ድረስ በዙር በዙር ይደገማል።

ምልክት፦ ብዙ ሊንክ ያለው ገጽ ዝቅ ይላል

ብዙ ጊዜ ይህ ጨርሶ ስህተት አይደለም። ዋስ እንደ መሆን ነው፤ ለመጣው ሁሉ የሚፈርም ሰው ፊርማው ክብደት ያጣል። ነጥቡ 0.1 የሆነ ገጽ ሁለት ሊንክ ብቻ ቢሰጥ እያንዳንዱ 0.0425 ያደርሳል። ያው ገጽ መቶ ሊንክ ቢያወጣ ግን እያንዳንዱ 0.00085 ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከእንዲህ ዓይነቶቹ ገጾች የመጡ ሃምሳ ሊንኮች ከዚያ ከአንዱ አይበልጡም። የገቢ ሊንኮችን ብዛት ትታችሁ ለእያንዳንዱ ሰጪ `PR(q)/L(q)` አስሉ። ዝቅ ያለበት ምክንያት እዚያው ይታያል።

ምልክት፦ ነጥቡ በየዙሩ ይጠፋል

የሁሉም ገጾች ነጥብ ሲደመር በእያንዳንዱ ዙር 1 መሆን አለበት። ካነሰ መውጫ የሌለው ገጽ አለ ማለት ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ እና መ የተባሉ አራት ገጾች እንውሰድ፦ ሀ ለለ እና ለሐ፣ ለ ለሐ፣ መ ለሐ ሊንክ ሰጥተዋል፤ ሐ ለማንም አልሰጠም። `d`ን ለጊዜው 1 አድርገን እያንዳንዱን በ0.25 ብንጀምር፣ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ድምሩ 0.75፣ ከሁለተኛው በኋላ 0.125፣ ከሦስተኛው በኋላ ዜሮ ይሆናል። ሐ የተቀበለውን ሁሉ ይዞ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ዙር የሚያስተላልፍለት ስለሌለ ነጥቡ ከስሌቱ ይወጣል። `d` 0.85 ሲሆን ድምሩ ዜሮ አይገባም፤ 0.26 አካባቢ ይቆማል። ይህም ችግሩን ስለሚሸፍነው ይበልጥ አሳሳች ነው። መፍትሄው መውጫ የሌለውን ገጽ ለሁሉም ገጾች እኩል ሊንክ እንደሰጠ መቁጠር ነው።

ምልክት፦ ሁለት ገጾች ሁሉንም ይጠቀልሉታል

ዋናው ጉዳይ ይህ ነው፤ ሊንክ የመተማመን ድምፅ ነው የሚለው ሐሳብ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነውና። አሁን ሀ ለለ እና ለሐ፣ ለ ለሀ ይስጡ፤ ሐ እና መ ደግሞ እርስ በርስ ብቻ ይሰጣጡ። `d` 1 ከሆነ ድምሩ 1 እንደሆነ ይቆያል፤ ስለዚህ የቀደመው ምርመራ ምንም አያሳይም። ነገር ግን ሀ ከሚሰጠው ግማሹ በየዙሩ ወደ ሐ ይገባል፤ የገባው አይመለስም። የሀ እና የለ ነጥብ ቀስ በቀስ ወደ ዜሮ ይወርዳል።

`d`ን ወደ 0.85 መመለስ ያግዛል። የቀረው 0.15 ለሁሉም እኩል ስለሚከፋፈል እያንዳንዱ ገጽ ቢያንስ 0.0375 ያገኛል። ስሌቱ ሲረጋ ሀ 0.109፣ ለ 0.084፣ ሐ 0.416፣ መ 0.391 ይሆናሉ። ማንም አልጠፋም፤ ሆኖም ሐ እና መ አሁንም ከጠቅላላው 81 በመቶ ያህል ይዘዋል። `d`ን የበለጠ መቀነስ ልዩነቱን ያጠብበዋል፤ ነገር ግን የእውነተኞቹን ሊንኮች ድምፅ አብሮ ስለሚያደክም አልመክረውም።

ከሁሉ የከፋው ሀ ለሐ የሰጠውን ሊንክ ብናነሳም የሚሆነው ነው። ያን ጊዜ ከውጭ ለሐ እና ለመ የመሰከረላቸው ማንም የለም፤ ሆኖም እያንዳንዳቸው 0.25 ያገኛሉ፤ ከሀ እና ከለ ጋር እኩል ማለት ነው። ምክንያቱ ያ በእኩል የሚታደለው 0.15 ነው። ያለ ማንም ምስክርነት የተሰጠ መነሻ ስለሆነ፣ ሐሰተኛ ገጾችን በሺህ እየፈጠረ እርስ በርስ የሚያያይዝ ሰው የዕደላው ድርሻ ከገጾቹ ቁጥር ጋር ያድግለታል።

ስለዚህ የሚስተካከለው ዕደላው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ትረስትራንክ በሚል ስም የቀረበው ዘዴ 0.15ቱን ሰው አይቶ ላመነባቸው ጥቂት ገጾች ብቻ ይሰጣል። በምሳሌያችን ሙሉው ለሀ ቢሰጥና ሀ ለሐ የሰጠው ሊንክ ባይኖር፣ ሐ እና መ ዜሮ ይሆናሉ፤ ነጥቡን ሀ እና ለ ይካፈሉታል። ሊንኩ ሲመለስ ግን ሐ 0.36፣ መ 0.306 ያገኛሉ፤ ሀ ራሱ 0.235 ላይ ይቀራል። ዘዴው የሚጠብቀው የታመኑት ገጾች በሚሰጡት ሊንክ ጥንቃቄ ልክ ነው። አንድ የታመነ ገጽ አንባቢ እንደፈለገ ሊንክ የሚለጥፍበት የአስተያየት መስጫ ካለው፣ እነዚያን ሊንኮች በ`rel="nofollow"` ወይም በ`rel="ugc"` ምልክት ማድረግና ከስሌቱ ማስወጣት ያስፈልጋል።