የቢዝነስ ሥነ ምግባር ኬዝ ስትጽፉ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ለመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ለክፍል ውይይት የሚሰጥ ኬዝ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መልሱ ገና ከመጀመሪያው አንቀጽ ስለሚያስታውቅ ነው። አንድ የፈጠራ ታሪክ ይዘን እንየው። ሜክሲኮ አካባቢ ያለ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የምትሠራ የግዢ ሠራተኛ፣ 20 የቢሮ ወንበር ለመግዛት ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስባለች። ዝቅተኛውን ዋጋ የሰጠው የፒያሳ ሱቅ የፋይናንስ ኃላፊው የአክስት ልጅ ነው። የሁለቱ ተሸናፊዎች ፕሮፎርማ ላይ ደግሞ «ተሽከርካሪ» የምትለው ቃል በአንድ ዓይነት ግድፈት ተጽፋለች። ክፍያው እስከ አስር ሰዓት መፈረም አለበት።

የመጀመሪያው ስህተት በቅጽል መፍረድ ነው። «ስግብግቡ ኃላፊ» ካላችሁ በቃ፣ ተማሪው ምን ይወያያል? ያደረገውንና የተናገረውን ብቻ ጻፉ።

ሁለተኛው ብዙዎች የሚወድቁበት ነው፦ መረጃ መደበቅን እንደ አሻሚነት መቁጠር። ዋጋውን ወይም ዝምድናውን ከደበቃችሁ ተማሪው ይገምታል እንጂ አያመዛዝንም። አሻሚ የሚባለው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሁለት ዓይነት ሊነበብ የሚችል መረጃ ነው። ግድፈቷን ውሰዱ። ሁለቱም ወረቀቶች ከአንድ እጅ ወጥተው ይሆናል። ግን ሁለቱ ሱቆች አንድ ሕንፃ ላይ ናቸው፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ደግሞ ለሁሉም የሚጽፍ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለ ብላችሁ ካስገባችሁ ነገሩ ይወሳሰባል። ሠራተኛዋ ሌላ ሱቅ ደውላ አሸናፊው ዋጋ ከገበያው ያልራቀ መሆኑን ስትሰማ ደግሞ ጭራሽ ይብሳል።

ሕግ የጨረሰውን ጉዳይ ማንሳትም ውይይቱን ይገድለዋል። ፕሮፎርማው ሐሰተኛ መሆኑ ከተረጋገጠ ወንጀል ነው፣ አለቀ። ድርጅቱን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ካደረጋችሁትም ክርክሩ ወደ ግዢ ሕጉ ይዞራል። ድርጅቱ የግል ይሁን፤ መመሪያውም ሦስት ፕሮፎርማ ይጠይቅ፣ ስለ ዘመድ ግን ዝም ይበል።

ጥያቄዎቹ ላይ «ድርጊቱ ሥነ ምግባራዊ ነው ወይ?» ብሎ መጀመር አያዋጣም፤ ክፍሉ በአዎና በአይ ይከፈልና ሁሉም የያዘውን ይዞ ይቀራል። «ከፈላስፋው ካንት አንፃር ተንትኑ» ካላችሁ ደግሞ ሃንድአውቱን ይደግሙላችኋል። ይልቅ በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቁ፦ በእርግጠኝነት የምታውቀው ምንድን ነው፣ የምትጠረጥረውስ? ከአስር ሰዓት በፊት ማንን ታናግር፣ ኃላፊውን ራሱን ወይስ ሥራ አስኪያጁን? ጥርጣሬዋ ስህተት ቢሆን ማን ይጎዳል? ምን ብትሰሙ ሐሳባችሁን ትቀይራላችሁ? የመጨረሻዋን አትዝለሏት፣ ማን በማስረጃ ማን በስሜት እንደሚከራከር የምትለየው እሷ ናት።

ለመምህሩ በሚዘጋጀው ማስታወሻ ላይም «እውነቱ ይህ ነው» ብላችሁ አትጻፉ። ተማሪዎች መጨረሻ ላይ «ግን ቲቸር፣ በልቷል አልበላም?» ማለታቸው አይቀርም። መምህሩ ከነገራቸው ከሰዓት የሚገባው ሴክሽን መልሱን ይዞ ይመጣል።