ጁሱ ውስጥ ስንት ማንኪያ ስኳር አለ?

የታሸገ ጁስ ስትገዙ የፊቱን የፍራፍሬ ሥዕል እለፉትና ጀርባውን አንብቡ። «ስኳር 11 ግራም» ሲል ትንሽ ይመስላል። ግን ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የ100 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ጠርሙሱ ግማሽ ሊትር ከሆነ በ5 አባዙት፤ 55 ግራም ይመጣል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ስለሆነ፣ ወደ 14 ማንኪያ ጠጣችሁ ማለት ነው። ሻይ ላይ ማን ይህን ያህል ይጨምራል?

ጨው «ሶዲየም» ተብሎ ከተጻፈ በ2.5 አባዙት። 800 ሚሊ ግራም ሶዲየም 2 ግራም ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው።

የአገልግሎት ማብቂያው 03/04 ብሎ ግራ ካጋባችሁ፣ የተመረተበትን ቀን እዩ። እዚያ 25/09 ካለ፣ ፊት የተጻፈው ቀኑ ነው፤ 25ኛ ወር የለማ።