ቀለም ገብቶ ጥቅልሉ የጠፋ ፀጉር፦ ችግርና መፍትሄ ከድሬዳዋ

ግንቦት ላይ አንዲት ልጅ ራሷን በሻርፕ ጥፍር አድርጋ ጠቅልላ ሳሎኔ ገባች። በድሬ ግንቦት፣ ያውም ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ እንደዚያ ተጠቅልሎ የሚሄድ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው። «አብሽሪ፣ ፍቺው» አልኳት።

ፀጉሯ ከርዳዳ ነው፤ ሲለቀቅ ጆሮዋ ጋ የሚቀር፣ ሲሳብ ትከሻዋን የሚያልፍ። ማር ቀለም አምሯት ቤቷ ውስጥ ፀጉር የሚያነጣውን ዲኮለር ፓውደር በ40 ቮልዩም ኦክስጅን በጥብጣ ቀባች፣ ፌስታል አጠለቀች፣ ሃምሳ ደቂቃ ጠበቀች። ፊት ለፊቱ ቢጫ ሆኖ እንደ ረጠበ ክር ተጋድሟል። ኋላው ብርቱካናማ ነው፣ ግን አሁንም ተጠቅልሏል። ጫፉ ደግሞ ጭራሽ አልነጣም፣ የደረቀ ደም መስሎ ቀርቷል። አንድ ራስ ላይ ሦስት ዓይነት ችግር፣ ምክንያታቸውም ሦስት ነው። ለዚህም ነው የሷን ይዤ የምጽፈው።

ሲረጥብ እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ፣ ሲደርቅ የማይጠቀለል

መጀመሪያ ምርመራ። ከማበጠሪያው ላይ አንድ ዘለላ ውሰጂና ውሃ አስነኪው። በሁለት እጅ ይዘሽ ጥቅልሉ እስኪቃና ሳቢ፤ ይሄ ገና መለጠጥ አይባልም። ከተቃና በኋላ ቀስ ብለሽ ስትጨምሪ ነው መልሱ የሚመጣው። ደህና ዘለላ አሥር ሳንቲ ከሆነ እስከ አሥራ ሦስት ገደማ ይሄድና ስትለቂው ይመለሳል። የልጅቷ የፊት ዘለላ ግን ሄደ፣ ሄደ፣ ሳይመለስ ቀጥኖ ቀረና ጣቴ ላይ ተበጠሰ።

ምክንያቱ ይህ ነው። የፀጉርን ቅርጽ የያዘው በውስጡ ያለው ፕሮቲን እርስ በርሱ የተሳሰረበት የድኝ ማሰሪያ ነው። ዲኮለር ጥቁሩን ቀለም ሲያቃጥል መርጦ አያቃጥልም፣ ማሰሪያውንም አብሮ ይበላል። ከርዳዳ ፀጉር ደግሞ እንደ ሽቦ ድቡልቡል ሳይሆን እንደ ጥብጣብ ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ በየመታጠፊያው ላይ ይሳሳል፣ መጀመሪያ የሚሰበረውም እዚያው ነው። 40 ቮልዩም ኦክስጅን ማለት 12 በመቶ ፐርኦክሳይድ ማለት ነው። በዚያ ላይ የራስ ቆዳ ሙቀት፣ በዚያ ላይ ፌስታል፣ በዚያ ላይ ግንቦት።

መፍትሄው ላይ እውነቱን ልናገር። በዲኮለር የተበላው ማሰሪያ ተመልሶ አይሠራም፣ የሄደ ጥቅልልም በምንም ቅባት አይመጣም። የሚቻለው የቀረው እንዳይበጠስ መያዝ ነው። ቦንድ ትሪትመንት የሚባሉት ለዚህ ይረዳሉ፤ ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ደቂቃ ተጠቀሚ፣ አትጨምሪ። ከዚያ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ አንዴ ሃይድሮላይዝድ ፕሮቲን ያለው ትሪትመንት፣ ከእሱ በኋላ ሁሌ ለስላሳ ኮንዲሽነር። ሃይድሮላይዝድ የሚለው ቃል ዋጋ አለው፤ ፕሮቲኑ ተከታትፎ ትንሽ ሆኗል ማለት ነው። እንቁላል ግን ፕሮቲኑ ትልቅ ስለሆነ ላዩ ላይ ይደርቃል እንጂ አይገባም። እንቁላሉን ለቁርስ አድርጊው።

አንድ ወጥመድ አለ። ሳሎን ገብተሽ «ፀጉሬ ተጎድቷል፣ ኬራቲን አድርጉልኝ» ብትዪ የሚሠሩልሽ ማለስለሻውን ነው፤ ፈሳሹን ቀብተው በፒያስትራ የሚያቃጥሉትን። እሱ ጥገና አይደለም። የቀረሽንም ጥቅልል ይዞ ይሄዳል።

ለልጅቷ የፊቱን ስምንት ሳንቲ ቆረጥኩት። አለቀሰች። እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ጫፍ ካልተቆረጠ ግን በየማበጠሩ እየተበጠሰ ወደ ላይ ይወጣል፤ መቁረጡ ለነገ ቢባል ስምንቱ አሥራ ሁለት ይሆናል።

ኮንዲሽነር ተቀብቶ እንኳ እንደ ገለባ የሚንኮሻኮሽ

ይሄኛውን ብዙ ሰው በቀለሙ ያሳብባል፣ እኔም ድሮ እንደዚያው ነበርኩ። የሷ የኋላ ፀጉር ሲነካ ሸካራ ነው፣ ውሃ ሲፈስበት እንደ ኮባ ቅጠል ያንከባልለዋል። ዘለላውን ስስብ ግን ትንሽም ሳይለጠጥ ቀጭ አለ። ፕሮቲን ያነሰው ይለጠጣል እንጂ እንዲህ አይልም። ቀጭ የሚለው ወይ ፕሮቲን የበዛበት ነው ወይ ላዩ ላይ የሆነ ነገር የጋገረበት። እሷ ፕሮቲን ነክታ አታውቅም።

ማንቆርቆሪያሽን ክፈቺና ውስጡን እዪ። ያ ነጭ ድንጋይ ፀጉርሽም ላይ አለ። የድሬ ውሃ ከጉድጓድ ነው የሚወጣው፣ መሬታችንም ኖራ ድንጋይ ነው፤ ሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የተተከለው በከንቱ አይደለም። በዚህ ውሃ የታጠበ ፀጉር ሁሉ ካልሲየም ይይዛል፣ ዲኮለር የገባበት ግን ከዚያም በላይ ይይዛል፤ ምክንያቱም ቅርፊቱ ተከፍቷል፣ የተበላው ማሰሪያም ካልሲየም የሚስብ ቦታ ትቶ ነው የሄደው። ኮንዲሽነሩ ከዚህ ንብርብር በላይ ይቀራል። አዲስ አበባ ሄደው ሁለት ሳምንት ቆይተው «ፀጉሬ ዳነ» እያሉ የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ፤ የተለወጠው ውሃው ነው።

መፍትሄው በሁለት በኩል ነው። የተጋገረውን ለማንሳት በወር አንዴ ኪሌቲንግ ሻምፖ፤ ጀርባው ላይ ኢዲቲኤ የሚል ተጽፎ ከግብዓቶቹ መሃል ከፊት አካባቢ ከሆነ ያ ነው። አምስት ደቂቃ ፀጉሩ ላይ አቆዪው፣ ከዚያ ኮንዲሽነር ሃያ ደቂቃ። ካላገኘሽ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጠሽ ከሻምፖ በኋላ አፍስሺበት፣ ሁለት ደቂቃ ቆይተሽ ታጠቢ። ደካማ ነው ግን ይሠራል። ሎሚ በቀጥታ መጭመቅ ግን ይቅርብሽ፣ ከሚገባው በላይ ኮምጣጣ ነው።

እንዳይመለስ ደግሞ የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ለይው። ሁለት ሊትር ውሃ አሥር ደቂቃ አንተክትኪ፣ ሳትነቀንቂው ሌሊቱን ይደር፣ ጠዋት ላዩን ብቻ በቀስታ ቅጂ። ሥሩ ላይ የቀረው ነጭ ዝቃጭ ፀጉርሽ ላይ ሊቀመጥ የነበረው ነው። ውሃው ሙሉ በሙሉ አይለሰልስም፣ የማይዘቅጥ ካልሲየም ይቀራል፣ ልዩነቱ ግን በጣት ይታወቃል። ዝናብ ከጣለ የዝናብ ውሃ ይበልጣል፤ ድሬ ላይ በየሳምንቱ ዝናብ የሚጠብቅ ካለ መቼም!

ልጅቷ እንደ እናቷ ለጋ ቅቤ ስትቀባ ነበር። ቅቤ መጥፎ አይደለም፣ ግን እርጥበት አይሰጥም፣ ያለውን ይከድናል እንጂ። ድንጋይ በጋገረበት ደረቅ ፀጉር ላይ ከተቀባ ድርቀቱን ነው የሚከድነው። ቅደም ተከተሉ ማንጻት፣ ኮንዲሽነር፣ ገና እርጥብ ሳለ ትንሽ ቅቤ ወይም ዘይት።

ሥሩ ቢጫ፣ ጫፉ ጥቁር ቀይ

ሥሩ ቀድሞ የነጣው የራስ ቆዳ ስለሚሞቅ ነው። ጫፉ ያልነጣው ደግሞ ሂና ስላለበት። «ሂና አለብሽ?» ስላት «የለም» አለች፤ የታላቅ እህቷ ሠርግ ላይ ጥቁር ሂና መቀባቷ ትዝ ያላት ዘግይቶ ነው። ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል፣ ግን ፀጉሩ እስካልተቆረጠ አለ።

ንጹህ ቅጠሉ ብቻ ከሆነ ዲኮለር አያቃጥለውም፣ ግን ፕሮቲኑን ስለሚይዝ ቀይ ብርቱካኑ በቀላሉ አይለቅም። አደገኛው ጥቁር ተብሎ የሚሸጠው ነው። አንዳንዱ ውስጥ የብረት ጨው አለ፣ ከፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ይግላል፣ አንዳንዴም ይጨሳል፣ ፀጉሩን ያቀልጠዋል። ስለዚህ ሂና ኖሮ ከሆነ ሳትጀምሪ ከጫፉ ጥቂት ዘለላ ቁረጪና በብርጭቆ ውስጥ ልትቀቢው ካሰብሽው ውህድ ጋር ሠላሳ ደቂቃ ተዪው። ብርጭቆው ከሞቀ፣ ከፈላ፣ ወይም ዘለላው ከተፍረከረከ ዲኮለሩን አስቀምጪው፤ ያ ፀጉር እስኪቆረጥ አይነካም።

ለሷ የሠራሁት እንደገና ማንጣት አልነበረም። አሞኒያ የሌለው ቀላል ቡኒ ነው ያለበስኩት፣ ግን በቀጥታ አይደለም። ባዶ ቢጫ ፀጉር ላይ ቡኒ ብቻ ከተቀባ አመዳም ወይም አረንጓዴ ይላል፤ መጀመሪያ መዳብ ቀለም ገብቶ ነው ቡኒው ቦታ የሚይዘው።

ከመነሻው እንዴት መሆን ነበረበት

ማር ቀለም ቢጫ ፀጉር አይፈልግም። ጥቁር ፀጉር ብርቱካናማ ላይ ሲደርስ ማቆም፣ ከዚያ ቀለሙን ማልበስ ነው። አንድ እጅ ፓውደር በሁለት እጅ 20 ቮልዩም ኦክስጅን፣ በፕላስቲክ ሳህን። ከአንድ ቀን በፊት ታጥቦ የደረቀ ፀጉር፣ ከመታጠቡ በፊት ሌሊቱን ኮኮናት ዘይት፤ ከዘይቶች መካከል ገብቶ የፕሮቲን መጥፋትን የሚቀንሰው እሱ ነው። ፀጉሩን አራት ቦታ ከፍለሽ ከኋላ ጀምሪ፣ ከቆዳው ሁለት ሳንቲ ርቀሽ ቀቢ፣ ሥሩንና ግንባር አካባቢውን መጨረሻ ላይ። ካስክ የለም፣ ፌስታል የለም፣ ሰዓቱም ጠዋት ይሁን። በየአምስት ደቂቃው አንድ ዘለላ ጠርገሽ እዪ፣ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን መለጠጡንም። ቀለሙ ሳይደርስ መለጠጡ ከተለወጠ ታጠቢና የደረሰበት ይሁን። ቀለሙንም ከ48 ሰዓት በፊት ከጆሮሽ ጀርባ ሞክሪው፤ በተለይ ጥቁር ሂና አሳክኮሽ የሚያውቅ ከሆነ፣ ያኔ ያሳከከሽ ነገር ጥቁርና ቡኒ ቀለሞች ውስጥም ይገኛል።

ልጅቷ ጥቅምት ላይ ተመለሰች። ከቆዳዋ አምስት ሳንቲ ገደማ አዲስ ጥቁር ፀጉር ወጥቷል፣ ጥቅልሉ እርሳስ ላይ የተጠመጠመ ይመስላል። ከእሱ በታች ያለው ቡኒ ግን አሁንም ላላ ብሎ ይተኛል። እንደገና ቀለም ጠየቀችኝ። አዲሱን ብቻ ቀባሁላት፣ መገናኛው ላይ እንዳይደርስ አሮጌውን በኮንዲሽነር ሸፍኜ።