በጥቁሩ ሬንጅ ሥር የተገኘው ብየዳ

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ዛፍ ሥር የቆመችው፣ ልገዛት ያሰብኳት ነጭ ቪትዝ መኪና እንከን የሌላት መሰለችኝ። የቅጠሉ ጥላ የቀለሙን ሞገድ እንደሚደብቅ የገባኝ፣ ሻጩን «ወንድሜ፣ እባክህ ወደ ፀሐይ አውጣልኝ» ካልኩት በኋላ ነው። ከኋላዋ ቁጢጥ ብዬ በጎኗ ስመለከት፣ በቀኙ የፊት ፓራፋንጎ ላይ ብርሃኑ ይጣመማል። በስስ ጨርቅ የጠቀለልኩት ትንሽ ማግኔት በሩ ላይ ተጣብቆ፣ እዚያ ሲደርስ ወደቀ፤ ከቀለሙ ሥር ወፍራም ስቱኮ አለ ማለት ነው።

ስቱኮ ብቻውን አያስፈራኝም፤ በድሬ መንገድ ባጃጅ ያልጫረው መኪና ከየት ይመጣል? ዋናው ጥያቄ ግጭቱ እስከ ዋናው ብረት መድረስ አለመድረሱ ነው። ኮፈኑን ስከፍት በፓራፋንጎው ብሎኖች ጠርዝ ላይ ቀለሙ ተልጧል፤ ተፈትተው ነበር። ይህም ቢሆን ማስረጃ አይሆንም፤ ለቀላል ጥገናም ይፈታሉ።

ቁርጡ የታወቀው ከራዲያተሩ ጎን ወደ ኋላ የሚዘልቁትን ሁለቱን ወፍራም ዋና ብረቶች ሳነጻጽር ነው። በግራው ላይ ፋብሪካው የበየዳቸው ክብ ነጠብጣቦች በተቀራራቢ ርቀት ተደርድረዋል፤ በቀኙ አይታዩም። መካኒኩ ጋ ወስደን ጉድጓዱ ላይ ስናቆማት ደግሞ ከሥር ቀኙ ብቻ አዲስ ሬንጅ ተቀብቷል። አንድ ወገን ብቻ ለምን? በሻጩ ፈቃድ በካቻቢቴ ጥቂት ፋቅ ሳደርገው፣ ጉብጉብ ያለ የእጅ ብየዳ መስመር ወጣ። ብረቱ ተቆርጦ ተቀጥሏል።

ሻጩ ወዲያው ዋጋ ልቀንስ አለ። ቀብዱን ኪሴ ውስጥ እንዳለ ይዤው ተመለስኩ።