ኤርጋቲቭ ነው ከማለትዎ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኤርጋቲቭ የሚባለው ተሳቢ ያለውን ዓረፍተ ነገር ባለቤት በምልክት ለይቶ፣ ተሳቢ የሌለውን ዓረፍተ ነገር ባለቤት ግን እንደ ተሳቢ የሚይዝ ሥርዓት ነው። ጅማ ውስጥ ስነ ልሳን የሚያጠና ሰው አማርኛና ኦሮምኛን በየቀኑ ይሰማል። ሁለቱ ቋንቋዎች ባለቤትንና ተሳቢን የሚለዩበት መንገድ የተገላቢጦሽ ስለሆነ ትልቁ ስህተት የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ባለቤቱ ምልክት ስላለው ብቻ ኤርጋቲቭ ማለት። በአማርኛ «ሰውዬው አንበሳውን ገደለው» ስንል ምልክቱን፣ ማለትም «ን»ን፣ የሚይዘው ተሳቢው ነው። በኦሮምኛ ግን «ነሚቺ ሌንጫ አጄሴ» (ሰውዬው አንበሳ ገደለ) ይባላል። «ሰውዬው» የሚለው ስም መነሻ ቅርጹ «ነሚቻ» ሲሆን፣ ባለቤት ሲሆን ወደ «ነሚቺ» ተለውጧል፤ ተሳቢው «ሌንጫ» ግን እንዳለ ቀርቷል። ይህን ያየ ተማሪ ኦሮምኛን ኤርጋቲቭ ብሎ ይፈርጀዋል። ብዙ የሰዋስው ጽሑፎች ያንን መነሻ ቅርጽ በኤርጋቲቭ ቋንቋዎች በተለመደው ስም «አብሶሉቲቭ» ብለው መጥራታቸው ደግሞ ግራ መጋባቱን ያብሰዋል።

መለያው ተሳቢ የሌለው ዓረፍተ ነገር ነው። «ሰውዬው መጣ» በኦሮምኛ «ነሚቺ ዹፌ» ነው። የገደለውም የመጣውም «ነሚቺ» ናቸው። ሁለቱ ባለቤቶች አንድ ዓይነት ቅርጽ ከያዙና ተሳቢው ከተለየ፣ ሥርዓቱ ኖሚናቲቭ-አኩዛቲቭ ነው፤ ምልክቱ የትም ይረፍ። አሁን በስፔንና በፈረንሳይ ድንበር አካባቢ የሚነገረውን ባስክኛን ያስተያዩ፦ «ጊሶናክ ሌኦያ ኢል ዱ» ማለት ሰውዬው አንበሳውን ገደለ፣ «ጊሶና ኤቶሪ ዳ» ማለት ሰውዬው መጣ ነው። የመጣው ሰው የገዳዩን «ክ» አልያዘም፤ ልክ እንደተገደለው አንበሳ ያለ ምልክት ቆሟል። ኤርጋቲቭ የሚባለው ይህ ነው።

በአማርኛ ሲሞክሩ ተለይቶ የታወቀ ተሳቢ ይምረጡ። «አንበሳ ገደለ» በሚለው ውስጥ «ን» ስለማይኖር ምንም አይለይም።

ኤርጋቲቩን እንደ ተገብሮ መቁጠር። የባስክኛውን ዓረፍተ ነገር «አንበሳው በሰውዬው ተገደለ» ብሎ መፍታት ያጓጓል፤ ግን ትክክል አይደለም። «ተገደለ» የሚስማማው ከአንበሳው ጋር ብቻ ነው፤ «በሰውዬው» ቢቀርም ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው። በባስክኛ ግን ገዳዩ እኔ ብሆን «ዱ» ወደ «ዱት» ይለወጣል፦ «ኒክ ሌኦያ ኢል ዱት»። ረዳት ግሱ ገዳዩን ቆጥሯል፤ ግሱም ተሻጋሪ እንደሆነ ነው።

በአንድ ጊዜ ቅርጽ ብቻ ፈትኖ መደምደም። በሂንዲ «ልጁ ዳቦ ይበላል» ለማለት «ለርካ ሮቲ ካታ ሄ» ይባላል፤ ባለቤቱ ምልክት የለውም። «በላ» ሲሆን ግን «ለርኬ ኔ ሮቲ ካኢ» ይሆናል፤ «ኔ» ገብታለች፣ ግሱም የተስማማው በአንስታይ ጾታ ከምትቆጠረው ከዳቦዋ ጋር ነው። «ልጁ መጣ» ደግሞ ያለ «ኔ»፣ «ለርካ አያ» ነው። ሂንዲን በአሁን ጊዜ ዓረፍተ ነገር ብቻ የመረመረ ሰው የኤርጋቲቩን ግማሽ ጨርሶ አያገኘውም። ስለዚህ ተሳቢ ያለውንም የሌለውንም ዓረፍተ ነገር በተፈጸመም ባልተፈጸመም ድርጊት ይጠይቁ፤ መልሱ ከተለያየ ቋንቋውን በሙሉ በአንድ ስም አይጥሩት።